ማስተካከያ፦ የሼደር ካሽ ማጥፋት መቆራረጥን አያስቀርም

«ባላችሁኝ መሠረት የሼደር ካሹን አጠፋሁት። ጌሙ ግን ጭራሽ ባሰበት። ለምን?»

ምክሩ የኔ ስህተት ነበር፤ ይቅርታ። ሼደር ግራፊክስ ካርዱ ብርሃንና ቀለም የሚያሰላበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ ካርዱ በሚገባው ቋንቋ ኮምፓይል ያደርገዋል። በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ሥራው ከዚያ ከዘለለ ምስሉ ቀጥ ይላል። ካሹ ያለቀውን ሥራ ዲስክ ላይ ያቆይልዎታል። ሲያጠፉት ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ማጥፋት የሚያዋጣው ካሹ ራሱ ተበላሽቶ ምስል ሲያዛባ ወይም ጌሙን ሲዘጋ ነው።

ይልቅ ቦታ ይስጡት። የኤንቪዲያ ካርድ ካለዎት NVIDIA Control Panel ውስጥ Manage 3D settings ይክፈቱ። Shader Cache Size የሚለውን 10 GB ያድርጉት። ቦታው ከጠበበ የቆየው እየወጣ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል። ድራይቨር ሲቀይሩም ካሹ እንደ አዲስ ስለሚሠራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መቆራረጡ አያስደንግጥዎት።

መለያው ቀላል ነው፤ ያው ቦታ ላይ ሁለቴ ይለፉ። በሁለተኛው ምስሉ ቀጥ ካላለ ጥፋተኛው ሼደር ሳይሆን አይቀርም። አሁንም እዚያው ቀጥ ካለ ግን ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም፤ ካሽ ማስፋት አይፈታውም።