ማታ ማታ ፓይተን፦ አዲሱን ትምህርት ለእሁድ አቆዪው

«ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው፤ 11፡30 ነው የምወጣው። ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ ልማር ብል ያዋጣኛል? ሳምንቱንስ እንዴት ልከፋፍለው?»

ያዋጣል፣ ግን በየማታው አይሁን። ሰው ሲጀምር ከሰኞ እስከ እሁድ ሁለት ሁለት ሰዓት ብሎ ያቅዳል፤ ያ ዕቅድ የወር መጨረሻ ቆጠራ እስኪመጣ ነው ዕድሜው። እኔ የምልሽ በሳምንት አምስት ሰዓት ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ1፡30 እስከ 2፡30፣ እሁድ ደግሞ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት። ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ የቤትሽ፣ የእንግዳሽና የእንቅልፍሽ ናቸው።

አጥብቄ የምከራከረው ግን በሌላ ነገር ነው፦ አዲስ ትምህርት በሥራ ቀን ማታ አይጀመር። ቀኑን ሙሉ ገቢና ወጪ ሲመዘግብ የዋለ ጭንቅላት እንግዳ ሐሳብ አይቀበልም፤ ቪዲዮው ያልቃል፣ አንቺም ገባኝ ብለሽ ትተኛለሽ፣ ጠዋት ምንም የለም። የገባውን ነገር ደጋግሞ መሥራት ግን ደክሞትም ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ነገር ለእሁድ፣ ሦስቱ ማታዎች ያንኑ ለማላመጥ።

ቋንቋው ፓይተን ይሁን። ነፃ ነው፣ ለጀማሪ አጭር ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። የመጀመሪያው እሁድ ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቪዲዮ እይና የቀረውን ጻፊ። የእድርሽን ሒሳብ ውሰጂ፦

```python
mewacho = input("የወሩ መዋጮ: ")
wizf = input("ውዝፍ: ")
print(mewacho + wizf)
```

100 እና 50 ብለሽ ስታስገቢ 10050 ይልሻል። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ስህተት ነው የሚል የለም፤ ዝም ብሎ የእድሩን አባል ባለ ዕዳ ያደርገዋል። ምክንያቱ `input` ሁልጊዜ የሚሰጥሽ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አለመሆኑ ነው፣ ሁለት ጽሑፍ ሲደመር ደግሞ አንዱ ከሌላው ጎን ይለጠፋል። ቁጥር እንዲሆን `int` ውስጥ ይገባል፦

```python
mewacho = int(input("የወሩ መዋጮ: "))
wizf = int(input("ውዝፍ: "))
print(mewacho + wizf)
```

አሁን 150 ይላል። የእሁዱ ትምህርት በቃ ይሄ ነው፣ አትጨምሪበት።

ሰኞ ማታ ባዶ ፋይል ክፈቺና ሳታዪ ከራስሽ ጻፊው። ቪዲዮም ደብተርም የለም። እጅሽ የቆመበት ቦታ ያልገባሽ ቦታ ነው፤ እዚያችን ብቻ ሄደሽ እይና እንደገና ከባዶ ጀምሪ።

ማክሰኞ ሆን ብለሽ አበላሺው። መዋጮ ሲጠይቅሽ «100 ብር» ብለሽ ጻፊ። ይጮኽብሻል፦

```
ValueError: invalid literal for int() with base 10: '100 ብር'
```

አብዛኛው ጀማሪ ይሄን ሲያይ ላፕቶፑን ይዘጋል። ከታች ወደ ላይ አንብቢው። የመጨረሻው መስመር ምን እንደተፈጠረና ያስቸገረው ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ይነግርሻል፣ ከሱ በላይ ያለው ደግሞ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ። ቅንፍ አጉድለሽም፣ ስም አሳስተሽም ሞክሪ፤ በኋላ ሳታስቢው ሲመጣ መልኩን ታውቂዋለሽ።

ሐሙስ በምታውቂው ነገር ብቻ አንድ ጥያቄ ጨምሪ። ለምሳሌ የስንት ወር ውዝፍ እንዳለበት ጠይቆ በወሩ መዋጮ የሚያባዛ (ማባዣው `*` ነው)። ውዝፍ ካለበት ቅጣት ይጨመርበት ካልሽ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚለው `if` ያስፈልግሻል፣ እሱ የሚቀጥለው እሁድ ነው።

መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ላፕቶፑን ቢሮ ቻርጅ አድርገሽ ውጪ፣ የእሁዱንም ቪዲዮ ዋይፋይ ባገኘሽበት አውርጂው። ላፕቶፕ ከሌለሽ ፓይድሮይድ 3 የሚባለው አፕ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ፓይተን ያስኬዳል። ቅንፍና ጥቅስ በስልክ መጻፍ እጅ እጅ ይላል እንጂ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። ደግሞ የደብረ ብርሃንን ማታ ታውቂዋለሽ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እማራለሁ ያለ ሰው የት እንደሚደርስ መናገር አያስፈልግም። ወንበር ላይ ጋቢሽን ደርበሽ ተቀመጪ።

በዚህ አካሄድ 12 ሳምንት 60 ሰዓት ነው። ያ `if`ን፣ ትእዛዝ የሚደጋግመውን ሉፕ፣ ብዙ ነገር በተርታ የሚይዘውን ሊስትና ለአንድ ሥራ ስም ሰጥቶ ደጋግሞ የሚያስጠራውን ፈንክሽን አልፎ ፋይል እስከማንበብ ያደርሳል፤ ከኤክሴል ሲኤስቪ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ያወጣሽውን የንብረት ዝርዝር አንብቦ በየዕቃው የሚደምር ፕሮግራም መጻፍ ትችያለሽ። «በሦስት ወር ሥራ ትቀጠራላችሁ» የሚለውን ማስታወቂያ ግን እለፊው፤ ማታ ማታ ለሚማር ሠራተኛ የሚሆን ሒሳብ አይደለም።

ቆጠራ ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ዝለይው። ያመለጠሽን ሰዓት በሚቀጥለው ሳምንት እከፍላለሁ አትበዪ፣ አሥር ሰዓት የሚባል ሳምንት የለሽም። ስትመለሺ መጀመሪያ የሰኞውን ባዶ ፋይል ክፈቺ። ከወጣልሽ እሁድ ወደ አዲሱ እለፊ፤ ካልወጣልሽ እሁድም ያንኑ ድገሚው።