የድሮ ፍቅረኛው ማታ ስትደውል ምን ብሎ መጠየቅ ይገባል?

«ከፍቅረኛዬ ጋር አምስት ወራችን ነው። ከእኔ በፊት አራት ዓመት አብራው የነበረችው ልጅ አሁንም ማታ ማታ ትደውልለታለች። ‹ጓደኛዬ ናት፣ ዕቁባችንም አንድ ነው› ይለኛል። ‹ወይ እሷ ወይ እኔ› ልበለው? ወይስ ቀናተኛ የሆንኩት እኔ ነኝ?»

እንደዚያ አትበዪው፤ ቢያንስ አሁን አትበዪው። መልሱ ምንም ሆነ ምን የሚነግርሽ ነገር የለም። «እሺ» ቢልሽ ደጅ ወጥቶ እንደሚያወራት ወይም እንደማያወራት ማወቂያ የለሽም። «እምቢ» ቢልሽም ልቡ እዚያ ቀርቶ ይሁን፣ ወይስ ገና በአምስተኛ ወሩ ትእዛዝ መቀበሉ አናዶት፣ አይታወቅሽም። ከመጠየቅሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ ሁለቱ ተለያይተው ሳለ ምን እያገናኛቸው እንደቀጠለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ከቀድሞ ፍቅረኛቸው ጋር ጓደኛ ሆነው የሚቆዩበትን ምክንያት አጥንተው በአራት ከፍለውት ነበር። አንደኛው የልብ ድጋፍ ነው፤ ያ ሰው ያውቀኛል፣ ይመክረኛል፣ አምነዋለሁ ከማለት የሚመጣ። ሁለተኛው ጉዳይ ነው፤ የጋራ ገንዘብ፣ ሥራ፣ ልጅ። ሦስተኛው በእኛ አገር ቋንቋ ይሉኝታ ልንለው የምንችለው ነው፤ ሰውየውን ላለማስቀየም ሲባል ግንኙነቱ ሳይቆረጥ ይቀራል። አራተኛው ያላለቀ ፍቅር ነው። ጥናቱ ያየው ልዩነት ለአንቺ ይጠቅምሻል፦ ባላለቀ ፍቅር የቆዩ ጓደኝነቶች መጨረሻቸው የከፋ ሲሆን፣ በድጋፍና በጉዳይ የቆዩት የተሻለ ሄደዋል። ስለዚህ «ለምን ታወራታለህ?» ከማለት ይልቅ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ይሻላል። ከአራቱ ምክንያቶች ሁለቱ ተደባልቀው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታው ይከብዳል። አራት ዓመት አብራው የቆየች ልጅ እናቱ ቤት በልታ ጠጥታለች፣ ከእህቱ ጋር ትደዋወላለች፣ ልቅሶና ሰርግ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ያንን ሁሉ በአንድ ቀን ቁረጥ ማለት ከእሷ ብቻ ሳይሆን ከቤተሰቡም ጋር ማጣላት ነው።

ዕቁቡን እንውሰድ፤ ምክንያት ብቻ ነው ብለሽ ሳትንቂው በቁጥር እዪው። ለምሳሌ አርባ ሰው ያለበት፣ በየሳምንቱ 2,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ነው እንበል። ልጅቷ በ12ኛው ሳምንት ደርሷት 80,000 ብር ወስዳለች፤ ብሩን ስትቀበል ዋስ የሆናት እሱ ነው። አሁን 26ኛው ሳምንት ላይ ናቸው። የቀረው 14 ሳምንት ነው። ዛሬ መክፈል ብታቆም የዕቁቡ ዳኛ የሚይዘው ዋሱን ነው፤ 14 ጊዜ 2,000፣ ማለትም 28,000 ብር ከኪሱ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው «ላቋርጣት አልችልም» ሲል እውነቱን ነው። ግን የዕቁብ ጉዳይ የራሱ ቀንና የራሱ ልክ አለው። ዕጣው በሚወጣበት ቀን ወይም በዋዜማው፣ «ብሩን አስገባሽ?» «አዎ» ተባብሎ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ወሬ ዕቁብ አይደለም። ዋሽቶሻል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ዕቁቡ እውነት ሆኖ ጥሪው ግን ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። ልትጠይቂው የሚገባው ስለዚያ ሌላ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ደወለች፣ ስንት ደቂቃ አወሩ ብሎ ይቆጥራል። እንደ እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት የወሬው አቅጣጫ ነው። ትናንት አንቺና እሱ የተጣላችሁበትን ነገር ዛሬ እሷ ታውቀዋለች? እሱ ሲከፋው መጀመሪያ የሚደውለው ለማን ነው? ስለ ልደት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ እናቱ ሕመም በየቀኑ ቢያወሩ እንኳ፣ የእናንተ ጠብ እዚያ እስካልደረሰ ድረስ ጓደኝነት ሊሆን ይችላል። በወር አንዴ ብቻ ተደዋውለው በዚያች አንድ ጥሪ «እሷ እኮ አትረዳኝም» ካላት ግን፣ አዲሱ ፍቅር ገና ሳይጠና ሽማግሌ ተሹሞበታል፤ ያውም ወገንተኛ ሽማግሌ። ይህን ለማወቅ ስልክ መበርበር አያስፈልግም። አንዳንዴ ራሱ ያመልጠዋል፤ «እሷም ትክክል ነህ ብላኛለች» ይልሻል።

ከዚህ ተነስተሽ ልትጠይቂው የምትችይው ነገር አለ፤ ጥቂት ነው፤ ሦስት ቢሆን ይበቃል። አንደኛ፣ አብራችሁ ባላችሁበት ማታ፣ ለምሳሌ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር እንዳያነሳው። ሁለተኛ፣ ሊያገኛት ሲሄድ አስቀድሞ እንዲነግርሽ። ፈቃድ ስጪው ማለት አይደለም፤ ከሰው አፍ እንዳትሰሚ ነው። ሦስተኛ፣ በመካከላችሁ የሚሆነው ጠብ ለእሷ እንዳይነገር። አራተኛ ከጨመርሽ፣ እሷ አንቺ መኖርሽን በስም እንድታውቅና አንድ ቀን ሦስታችሁ ቡና እንድትጠጡ ጠይቂው። ይህ የመጨረሻው ለብዙ ሰው ያስፈራል፤ ግን ምስጢር ያልሆነ ጓደኝነት በቡና አይደነግጥም።

አነጋገሩም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጥሪው ባለቀ ቅጽበት አትጀምሪ፤ ያኔ አንቺ ተናደሻል፣ እሱም ለመከላከል ተዘጋጅቷል። በቴሌግራምም አይሁን፤ «እሺ» የሚል ቃል ያለ ፊት ምን ማለት እንደሆነ አይታወቅም። ቅዳሜ ቀን፣ ሁለታችሁም ጠግባችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ አውሩ። ያየሽውን፣ የተሰማሽን፣ የምትጠይቂውን በዚህ ቅደም ተከተል ንገሪው፦

«ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ስትደውል ደጅ ወጥተህ አወራሃት። ለምን ከእኔ እንደምትርቅ ስላልገባኝ ከፋኝ። የዕቁቡን ነገር ተረድቻለሁ፤ ተዋት አልልህም። ግን ማታ አብረን ስንሆን ስልኩን እንድትተወው፣ የእኛንም ነገር ለእሷ እንዳትነግራት እፈልጋለሁ። አንድ ወር እንሞክረውና መልሰን እናውራ።»

ይህ አነጋገር ቀናትን ይጠቅሳል፣ ስድብ የለበትም፣ ጊዜም ተቀምጦለታል። «ሁልጊዜ እሷን ነው የምታስበው» ብትይው ግን የሚሟገተው ስለ «ሁልጊዜ» ነው፤ ጥያቄሽ በመካከል ይጠፋል።

ልትጠይቂው የማይገባው ደግሞ የስልኩን ፓስወርድ፣ መልእክቶቿን ማንበብና ብሎክ ማስደረግ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የሚጠቅሱልሽ ጓደኞች አይጠፉም። ተረቱ ለገበያ ሊሠራ ይችላል። እዚህ ግን መፈተሽ የሚያመጣው እፎይታ አንድ ማታ አያድርም፤ ነገ የሚጻፈውን ዛሬ አላየሽውምና እንደገና ታዪያለሽ። እሱም ማጥፋት ይማራል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ስልክ ስታዪ እንኳ «አጥፍቶት ነው» ትያለሽ። የሁለቱን ላስት ሲን እያስተያዩ «ሁለቱም 5፡10 ላይ ኦንላይን ነበሩ» ማለትም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ሰዓት ግማሽ አዲስ አበባ ኦንላይን ነው። ልጅቷ ጋር ራስሽ መደወልም አይሆንም፤ የምትነግርሽ ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ከዚያ በኋላ ወሬው የሦስት ሰው ይሆናል።

አንድ ወሩ ሲያልቅ ምን ታያለሽ? ጥሪው ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት ብለሽ አትጠብቂ። በአንዱ ሳምንት አንስቶት «እናቷ ታማ ነው» ቢልሽና ነገሩ ይኸው ከሆነ ስምምነቱ አልፈረሰም። ደህና ምልክቱ ሳትጠይቂው መናገሩ ነው፤ «ዛሬ ደውላ ነበር፣ ነገ እመልስልሻለሁ አልኳት» ዓይነት። መጥፎው ምልክት ደግሞ ወሬው በየጊዜው መለዋወጡ ነው፦ መጀመሪያ ዕቁብ፣ ቀጥሎ ሥራ ፈላጊ እህቷ፣ ቀጥሎ «ምን አገባሽ»። በስልኩ ላይ ስሟን በሌላ ስም ቀይሮ ካስቀመጠ፣ ወይም ገና ስትጀምሪ «አንቺ ታመሻል» ካለሽ፣ እነዚህ ከጥሪው ብዛት ይልቅ ይከብዳሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ቅናትን የሚለኩ ባለሙያዎች ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን ለያይተው ነው የሚያዩት፤ አንቺም ለያዪው። ስትደውል ሆድሽ መባባቱ ስሜት ነው፤ ማንም በአምስተኛ ወሩ ሊሰማው ይችላልና አያሳፍርም። ቢሮ ቁጭ ብለሽ ቀኑን ሙሉ «አሁን አብረው ናቸው» እያልሽ ማሰብ ከጀመርሽ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተደብቀሽ መከተል ደግሞ ከሁሉም የባሰ። የጠየቅሽውን ሦስት ነገር አክብሮልሽ ሳለ በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄ የሚወለድ ከሆነ፣ ከአራት ዓመት በፊት የነበረ ፎቶ ጭምር የሚያስለቅስሽ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት በነበረሽ ፍቅርም እንዲሁ ከነበርሽ፣ እሱ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር አልቋል። ያኔ ልጅቷ ነገ ውጭ አገር ብትሄድ እንኳ ቅናቱ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ልጅ ያላቸው ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለወጥ ነበር። አባትና እናት ስለ ልጃቸው መነጋገራቸው ግዴታ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ልጁ አተኩሶት ብትደውል ማንሳት አለበት። በእናንተ ጉዳይ ግን እስከ አሁን የተነገረሽ ምክንያት ዕቁቡ ነው፤ ዕቁቡ ደግሞ ማለቂያ አለው። ስንተኛ ሳምንት እንደደረሰ ጠይቂውና ቀኑን ያዢው። የመጨረሻው ዕጣ ወጥቶ ዋስትናው ካበቃ በኋላ በሚቀጥለው ማክሰኞ ማታ ስልኩ ከጮኸ፣ ያን ጊዜ ስለ ሰዓት ሳይሆን «አሁንስ ምን ቀራችሁ?» ብለሽ ትጠይቂዋለሽ። በዚያ ቀን ለዚህች ጥያቄ ቀጥ ያለ መልስ ካጣ፣ «ወይ እሷ ወይ እኔ» ማለት ሳያስፈልግሽ የራስሽን ውሳኔ ትወስኛለሽ።