«አጀንዳው ሲያልቅ» ሰዓት አይደለም

«ስብሰባው የሚያልቀው አጀንዳው ሲያልቅ ነው። ገና ሳይገባ መውጫውን የሚጠይቅ ሰው ልቡ ከስብሰባው ጋር አይደለም።»

ይህን ያሉት ሰብሳቢያችን ናቸው፤ በጥሪ ደብዳቤዎች ላይ የማብቂያ ሰዓት መጻፍ ለምን እንደቀረ ስጠይቃቸው። ስማቸውን አልጽፍም። እንዲህ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ብዕር ባላነሳሁም ነበር።

ከልብ እንጀምር፣ የልብን ነገር ያነሱት እሳቸው ናቸውና። ልቡ ስብሰባው ውስጥ የሌለ ሰው መውጫ ሰዓት ጠይቆ አያውቅም። ምን ቆርጦት! ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። «መቼ ያልቃል?» የሚለው እስከ መጨረሻው ለመቀመጥ ያሰበው ነው። ልጁን የሚረከብለት ሰው ሊለምን፣ የሐኪም ቀጠሮውን ሊያዛውር፣ የሚሳፈርበትን አውቶቡስ ሊመርጥ ነው የሚጠይቀው። ሰብሳቢያችን ትጉሁን በስንፍና ከሰውት፣ ሰነፉን ግን ሳያዩት አሳልፈውታል።

እሺ፣ አምስትና ዐሥር ደቂቃ ቢያልፍ ምን ይመጣል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ መኪና ያለው ሰው ነው። መኪና ላለው ሰው አምስት ደቂቃ አምስት ደቂቃ ናት፤ ያን ያህል ዘግይቶ ቤቱ ይገባል፣ አለቀ። በሰዓት ሰሌዳ ለሚሄድ ሰው ግን ደቂቃ እንዲህ አትቆጠርም። የአንዲት የሥራ ባልደረባዬን መንገድ ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ወረቀት ላይ አስልቼው ነው የደነገጥሁት።

ቤቷ የምትደርሰው በሁለት አውቶቡስ ነው። የመጀመሪያው በየ40 ደቂቃው ይነሳል፦ 10፡30፣ 11፡10፣ 11፡50። ጉዞው 35 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ የምትቀይረው ሁለተኛው አውቶቡስ የመጨረሻ ጉዞው 12፡15 ላይ ነው። ከአዳራሹ እስከ ፌርማታው በእግር ስምንት ደቂቃ አለ። ስብሰባው 11 ሰዓት ላይ ካበቃ 11፡08 ፌርማታው ላይ ትቆማለች፣ የ11፡10ሩን ትይዛለች፣ 11፡45 መቀየሪያው ጋ ትደርሳለች፤ ጊዜም ይተርፋታል። አሁን አንድ ሰው «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» ብሎ እጁን አወጣና ስብሰባው 11፡05 ላይ አበቃ እንበል። ፌርማታው የምትደርሰው 11፡13 ነው። አውቶቡሱ ከሦስት ደቂቃ በፊት ሄዷል። ቀጣዩ የ11፡50ው ነው፤ እሱ መቀየሪያው ጋ የሚያደርሳት 12፡25 ሲሆን፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ከተነሳ ዐሥር ደቂቃ አልፎታል። አምስት ደቂቃ ጠፋ፤ ቤት መግቢያም አብሮ ጠፋ።

ማብቂያው 11 ሰዓት ተብሎ ቢጻፍላት ኖሮ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንደሚተርፋት ከዋዜማው ታውቅ ነበር። በዚያ አቅጣጫ የሚሄድ ባለመኪና ትጠይቃለች፤ አለዚያም እሷን የሚመለከተው ጉዳይ ከፊት እንዲቀርብ ታመለክታለች። ደብዳቤው «ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ» ብቻ ሲላት ግን የቀራት ምርጫ ሁለት ነው፤ መወራረድ ወይም በ10፡30ው መሄድ። እናም 10፡20 ላይ ቦርሳዋን አንስታ ትወጣለች። ይህች ሴት 10፡20 ላይ ስትወጣ ሁላችንም አይተናታል፤ ሰብሳቢውም በዓይናቸው እስከ በሩ ሸኝተዋታል። የዚያን ዕለት ስብሰባው ያበቃው 10፡50 ላይ ነው! በሰላም እስከ መጨረሻ ተቀምጣ የ11፡10ሩን መያዝ ትችል ነበር። ማብቂያውን መደበቅ ሰው እንዲቆይ ያደርጋል የሚሉን ሰዎች ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የተደበቀ ማብቂያ ሰውን ከሚያስፈልገው ሰዓት ቀድሞ ያስወጣል። የማያውቅ ሰው የሚያቅደው ለክፉው ነውና።

ይብሱ የሚጎዱም አሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚጓዙበት በቀጠሮ የሚመጣ ልዩ የትራንስፖርት አገልግሎት ባለበት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዞው የሚመዘገበው ከአንድ ቀን በፊት ነው። የመሄጃው ብቻ ሳይሆን የመመለሻውም ሰዓት ይጠየቃል። መኪናው መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ተሳፋሪው ካልወጣ ይሄዳል። እንግዲህ በዚያ የመመለሻ ሰዓት መሙያ ላይ ምን ይጻፍ? «አጀንዳው ሲያልቅ»?

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የትራንስፖርቱ ጣጣ በውሳኔው ላይ የሚያሳርፈው ነው። ከዚህ ቀደም በነበረን አንድ ስብሰባ ጅማሬ ላይ የመገኛ ወረቀቱ ላይ የፈረምነው 22 ነበርን። የፈረቃ ድልድሉ ለድምፅ ሲቀርብ፣ የተቀመጠውን ሰው በጣቴ ቆጥሬያለሁ፤ ዘጠኝ። ከዘጠኙ ውስጥ ሰባቱ መኪና ያላቸው ናቸው። ድልድሉ የማታውን ፈረቃ በአንድ ሰዓት አዘገየው። ይህ ማንን ይነካል? በአውቶቡስ የሚሄደውን፤ እሱ ግን አውቶቡስ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ምን ይላል? «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ»። ውሸት አይደለም፤ የቀረው ሁሉ ደግፏል። ከባድ ጉዳይ ወደ መጨረሻ የሚገፋበትን፣ መጨረሻው ደግሞ የማይነገርበትን አሠራር ቸልተኝነት ነው ብሎ መጥራት ለእኔ ደግነት ማብዛት ነው። የሚጠቀምበት ሰው አለ፣ መጠቀሙንም ያውቃል።

«ማብቂያ ከተጻፈ ወሬው ሰዓቱን ለመሙላት ይለጠጣል» የሚልም ሰምቻለሁ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል ብሎ ከጻፈ ከ1955 ጀምሮ ሲጠቀስ ኖሯል። ግን ጠቃሾቹ እስከ መጨረሻው ቢያስቡት! ሥራ በተሰጠው ጊዜ ልክ የሚለጠጥ ከሆነ፣ ልክ የሌለው ጊዜ ሲሰጠው እስከ ምን ሊለጠጥ ነው?

ሌላው፣ «ትልቅ ጉዳይ በሰዓት አይቆረጥም» የሚለው ነው። የብሪታንያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የእኛን የፈረቃ ድልድል ያህል ትልቅ ጉዳይ ባይኖረውም፣ የዕለቱ ዋና ሥራ የሚቋረጥበት የታወቀ ሰዓት አለው። በመደበኛው ሥርዓት ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ያ ሰዓት ሲደርስ ተናጋሪው ንግግሩ መሀል ላይ ቢሆንም ይቋረጣል። ከሰዓቱ በላይ እንዲቀጥል የተፈቀደ ጉዳይ ይኖራል፤ ይህም ቢሆን በሥርዓት ነው እንጂ ሰብሳቢው ስላልደከማቸው አይደለም።

ኮምፒውተሩ እንኳ የሰብሳቢያችንን ጥሪ አልተረዳውም። የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራሞች የስብሰባ ጥሪ የሚለዋወጡበት RFC 5545 የተባለ ደንብ አለ። መነሻው DTSTART በሚል ይጻፋል፣ ማብቂያው DTEND በሚል። መነሻው በሰዓት ተጽፎ፣ ማብቂያም ሆነ ርዝመት ካልተሰጠ፣ በደንቡ መሠረት ጉዳዩ በጀመረበት ቅጽበት እንዳበቃ ይቆጠራል። በደንቡ ከሄድን፣ ስምንት ሰዓት ላይ የተጠራው ስብሰባ ስምንት ሰዓት ላይ አልቋል። ምነው በሆነልን።

ምን ይጻፍ? ይህን ያህል፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10፡45፤ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፤ ዘግይቶ ቢጀምርም ማብቂያው አይለወጥም።» ርዝመቱ ከማብቂያው ጋር የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ቁጥር በስህተት ከተጻፈ ሌላው ያጋልጠዋል። የመጨረሻዋ ሐረግ ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች። እሷ ከሌለች፣ 20 ደቂቃ ዘግይቶ የጀመረ ስብሰባ 10፡45 ላይ ያበቃል ወይስ 11፡05 ላይ? ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ያስባል፤ ባልደረባዬም የ11፡10ሩን ታጣለች። 10፡30 ሲሆን ሰብሳቢው የቀረውን ቆጥረው «ይህ ለሌላ ቀን ይተላለፍ» ይበሉ። «አጠር ያለ ስብሰባ» የሚለውን ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ አጠር ያለ ተብሎ ተጠርቼ ጨለማ ያልዋጠኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

አጣዳፊ ጉዳይ ሲገጥም ማብቂያው ሊገመት አይችልም፤ ይህን እቀበላለሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ «ከ12 ሰዓት አያልፍም»። በዓመት ስንት አጣዳፊ ጉዳይ እንደሚገጥመንም ሁላችንም እናውቃለን።

እስከዚያው የራሴን መላ ዘይጃለሁ። ባለፈው የመገኛ ወረቀቱ ሲዞር ፊርማዬ አጠገብ «እስከ 10፡45» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሰብሳቢው ጋ ሲደርስ ከስሬ ስድስት ሰዎች የየራሳቸውን ሰዓት ጽፈው ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያም የዕለቱን ከባድ ጉዳይ ከአጀንዳው ግርጌ አንስተው ሁለተኛ አደረጉት።