ስድቡ ይውጣ፣ ሂሳቡ ይቆይ

አገር ቤት ጉድለት ያለበት ዕቃ ለላከ አቅራቢ መጀመሪያ ስልክ ይደወልለታል። ጩኸቱ እዚያው ይወጣል፣ መሃል የሚገባ ሰው ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ነገር ካለ ይሉኝታ የተጫነው ነው፦ «ካላስቸገርናችሁ የሆነ ነገር ብታደርጉልን።» ውጭ አገር ግን ቁጣውም ጥያቄውም አንድ ኢሜይል ላይ ያርፋል፤ ኢሜይሉም ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ውጭ የሚነግደው የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ልማድ ያደባልቃል። የስልኩን ቁጣ ይጽፍና ጥያቄው ላይ ሲደርስ ይሉኝታ ይይዘዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የታዘዘው 500 ታጣፊ ወንበር ነው፤ አንዱ 20 ዶላር፣ የጠቅላላው ማጓጓዣ ደግሞ 2,000 ዶላር። ሲፈተሽ የ60ዎቹ የእግር ብየዳ ተሰንጥቆ ተገኘ። በንዴት ሰዓት የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦

«እናንተ አጭበርባሪዎች! የላካችሁት ዕቃ በሙሉ ቆሻሻ ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ናችሁ። ደንበኞቻችን ፊት አዋረዳችሁን። በአስቸኳይ ተገቢውን ካሳ ካልከፈላችሁ ስማችሁን እናጠፋለን። ለትብብራችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

(ምስጋናዋ ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቀው።)

ይህን መልእክት መጀመሪያ የሚያነበው የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ወንበሩን እሱ አልበየደውም፤ 1,000 ዶላር የመመለስ ሥልጣንም የለውም። ማድረግ የሚችለው ለጥራት ክፍልና ለሂሳብ ክፍል ማስተላለፍ ብቻ ነው። ስድብ ያለበትን ወረቀት ግን አለቃው ፊት ይዞ መቅረብ ይከብደዋል፤ ወይ ያዘገየዋል፣ ወይ በራሱ አፍ አሳጥሮ ያስተላልፈዋል፣ ቁጥሮቹም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው፤ መልእክቱ አንድ ቃል ሳይነካ ወደ ላይ መተላለፍ የሚችል መሆን አለበት።

«አጭበርባሪ» የሚለው ቃል ሌላም ጉዳት አለው። ስንጥቁን በፎቶ ማሳየት ይቻላል፣ የማጭበርበር ሐሳብን ግን አይቻልም። አቅራቢው ስለ ብየዳው መመለሱን ትቶ ስለ ክብሩ ይከራከራል፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ይደርሳል። «በሙሉ» ደግሞ ሐሰት ነው፤ 440ው ደህና ነው። አቅራቢው የአንድ ደህና ወንበር ፎቶ ከላከ ክሱ በሙሉ ይላላል። ከሁሉ የከፋው ግን «ተገቢውን ካሳ» ነው፤ መጠኑን ያልጠቀሰ ሰው ዋጋውን እንዲተምን ለባለዕዳው ፈቀደለት ማለት ነው።

እንግዲህ የሚለሰልሰው የትኛው ነው? ስለሆነው ነገር የሚናገረው ክፍል። እዚያ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰው ሳይሆን ዕቃው ይሁን፤ «ሰባራ ላካችሁልን» በማለት ፋንታ «ከ500ው 60ው ላይ ስንጥቅ ተገኝቷል»። ጥያቄው ላይ ሲደረስ ግን ይህ ዘዴ ይቁም። «ካሳ ሊከፈል ይገባል» ከተባለ ማን እንደሚከፍል አይታወቅም። «ብትከፍሉን ደስ ይለናል» ከተባለ ደግሞ ልመና ይሆናል፤ ለልመና የሚሰጠው መልስ የሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ ትንሽ ቅናሽ ነው። ማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ሁሉም በግልጽ ይጻፍ።

ሂሳቡ ከመልእክቱ በፊት ይሠራ። የ60 ወንበር ዋጋ 1,200 ዶላር ነው። 60 ከ500 ሲታሰብ 12 በመቶ ስለሆነ ከማጓጓዣው 240 ዶላር ይደርሰዋል። 500ውን አንድ በአንድ ለመፈተሽ የወጣው ጉልበት 120 ዶላር ነው እንበል። ድምሩ 1,560 ይሆናል። የቀረ ደንበኛ ኪሳራ እዚህ የሚገባው የተሰረዘ ትእዛዝ በወረቀት ሲኖር ብቻ ነው፤ ያለ ማስረጃ ከገባ ሌሎቹንም መስመሮች ያስጠረጥራል። አቅራቢው 60 አዲስ ወንበር በራሱ ማጓጓዣ ከላከ ደግሞ የሚቀረው 120 ብቻ ነው። ምትኩንም የፊተኛውን ማጓጓዣም መጠየቅ አንዱን ዕዳ ሁለቴ ማስከፈል ነውና የሂሳብ ክፍሉ ወዲያው ይይዘዋል።

ያው መልእክት ተስተካክሎ ሲጻፍ፦

«በዚህ የትእዛዝ ቁጥር የደረሱንን 500 ወንበሮች ማርች 2 ቀን 2026 ፈትሸናል። 60ው ላይ የኋላ እግር ብየዳ ተሰንጥቋል፤ ካርቶኖቹ ግን አልተጎዱም። የወንበሮቹና የካርቶን መለያ ቁጥሮች ፎቶ ተያይዟል። ወንበሮቹን ለይተን አስቀምጠናል፣ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከሁለት አንዱን እንድትፈጽሙ እንጠይቃለን፤ 1,560 ዶላር መመለስ (ዝርዝሩ ተያይዟል)፣ ወይም 60 ምትክ ወንበር በእናንተ ወጪ ልካችሁ 120 ዶላር መክፈል። የትኛውን እንደመረጣችሁ እስከ ማርች 17 ቀን 2026 በጽሑፍ አሳውቁን። እስከዚያ ካልደረሰን ጉዳዩን በውላችን ወደተመለከተው የክርክር መፍቻ እንወስዳለን።»

ስድብ የለውም፤ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ካርቶኑ አለመጎዳቱ የተጠቀሰው «በመንገድ ላይ የደረሰ ነው» የሚለውን የተለመደ መልስ ቀድሞ ለመዝጋት ነው። ቀኑም የወሩ ስም ተጽፎ ይቀመጥ፤ 05/06 ለአንዱ ሜይ፣ ለሌላው ጁን ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሌላ ወር።

ንዴቱ እስኪበርድ ብሎ ሳምንታት ማቆየትም ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ የወጣው የዓለም አቀፍ ዕቃ ሽያጭ ስምምነት በሚገዛው ውል፣ ገዢ ጉድለቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በተገቢ ጊዜ ውስጥ፣ የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ካላሳወቀ ጉድለቱን መሠረት አድርጎ የመጠየቅ መብቱን ሊያጣ ይችላል (አንቀጽ 39)። ብዙ ውሎች ከዚያ ያጠረ ቀን ይቆርጣሉ። የሚሻለው ሁለት መልእክት መላክ ነው። ጉድለቱ በታየበት ዕለት ሦስት መስመር፦ ምን ታየ፣ ስንት ላይ፣ «የካሳ ጥያቄያችንን በዝርዝር እንልካለን»። ሂሳቡ በኋላ ይከተላል። ከሦስት መስመር ውስጥ ለቁጣ የሚሆን ቦታም አይተርፍም።

መልሱ «በጣም እናዝናለን፣ በቀጣዩ ትእዛዝ 5 በመቶ እንቀንሳለን» የሚል ከሆነ መልካሙን ቃል በመልካም ቃል መቀበል ነው፤ ጥያቄው ግን ከቦታው አይነቃነቅ። «ስለ መልሳችሁ እናመሰግናለን። ቅናሹ የ1,560 ዶላሩን ጥያቄ አይተካም፤ የማርች 17ቱ ቀን እንዳለ ነው።» በዚህ ላይ ማብራሪያ መጨመር አያስፈልግም፤ ሰው የሚለሳለሰው ዝምታው ሲከብደው ነውና። ከፊል ገንዘብ ከገባም፣ 700 ዶላር እንበል፣ «700 ዶላር ደርሶናል፣ ቀሪው 860 ዶላር ነው» ተብሎ በዚያው ዕለት ይጻፍ። «ሂሳባችን ተጠናቋል» የሚል ወረቀት ፈርሙ ካሉ ግን 860ው ሳይገባ አይፈረምም።