እርማት፦ «ክፍያው ገብቷል፣ አለቀ»

«ደንበኛዬ አሜሪካ ናት። ገንዘቡ ፔይፓል ገብቶልኛል። ቀሚሱን በመንገደኛ ብልክላት ምን ያሰጋኛል?»

ወንድሜ፣ ገባ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ገዢዋ ከከፈለችበት ቀን አንስቶ እስከ 180 ቀን «አልደረሰኝም» ብላ አቤቱታ ማስገባት ትችላለች። ያኔ የምትጠየቀው የመላኪያ ማስረጃ ነው። በሰው ሻንጣ የሄደ ቀሚስ መከታተያ ቁጥር የለውም። «ደርሶኛል፣ ተባረክ» ያለችበት የቴሌግራም መልእክት ብቻውን አያስተማምንም።

ስለዚህ መከታተያ ቁጥር ባለው ፖስታ ላከው፤ ያውም በክፍያው ዝርዝር ላይ ወደተጻፈው አድራሻ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከከፈለች በኋላ «ለእህቴ ቤት ላክልኝ» ብትልህ እሺ አትበል። ገንዘቡን መልስላትና በአዲሱ አድራሻ እንደገና ትክፈል። እውነተኛ ደንበኛ ምክንያቱን ስትነግራት አትቀየምህም።