አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የእህቴ ልጅ ለክፍል ክርክር ያዘጋጀችውን ንግግር ስማልኝ አለችኝ። ርዕሱ «ደራሲው ጆሴፍ ኮንራድ ዛሬም ከሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ ይገባዋል ወይ?» የሚል ነው። እሷ አይገባውም ባይ ናት።

«ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን...» ሰላምታው ሲያልቅ ከተሰጣት አምስት ደቂቃ አንዱ ሄዷል። በሁለተኛው ደቂቃ ኮንራድ ተወለደ። በሦስተኛው ዘረኛ ሆነ። በአራተኛው ተባረረ። አምስተኛው ምስጋና ነው።

«መጽሐፉስ?» አልኳት።

«የቱ?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለውን ተረት ድሮም እወደዋለሁ። መጽሐፉን መግለጥ ያስፈራል፤ ደራሲው ግን ሞቷል፣ አይመልስም። እኔም በተማሪነቴ በዚሁ ነው የተሸነፍኩት። ገጽ እየጠቀስኩ ስከራከር ተጋጣሚዬ ጠረጴዛ ደበደበ። ዳኛው «ድምፁ ሙሉ ነው» ብሎ ነጥቡን ለእሱ ሰጠ። በድምፅ ከሆነማ ጥሩምባ ይሸለም! ይኸው እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ዳውላውን ትቶ አህያውን የመታው ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑአ አቼቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ኮንራድን ዘረኛ አለው። ሁሉም ይህቺን ቃል ነጥቆ ይሮጣል። ሰውየው ግን እዚያ የደረሰው እያነበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣውን የኮንራድን ልብ ወለድ «የጨለማ ልብ»ን ገልጦ አፍሪካውያኑ መቼ መቼ እንደሚናገሩ ተመለከተ። ሁለት ቦታ አገኘ። አንዴ ሰው እንብላ ሲሉ፣ አንዴ የዝሆን ጥርስ ነጋዴውን የኩርትዝን ሞት ሲያረዱ። ከዚያ ውጪ ጩኸትና ማጉረምረም ነው። «የሚያወራው እኮ ተራኪው ማርሎው እንጂ ኮንራድ አይደለም» እንደሚባልም ቀድሞ ያውቃል። ታዲያ የማርሎውን ሐሳብ የምንመዝንበት ሌላ ዓይን መጽሐፉ ውስጥ የታለ? ሲል ይሞግታል።

ክርክር ማለት ይሄ ነው። የሚገርመው፣ ይህን ክስ ለመፍረድ መጽሐፉን ማንበብ ግድ ይላል። በሰንሰለት የታሰሩትን ጥቁሮችና የዝሆን ጥርስ ዘረፋውን ያሳየውም ይኸው መጽሐፍ ነው። ይውጣ የሚለው ሁነኛ ማስረጃ ራሱ መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጧል።

«ከወጣ ደግሞ የእሱን ሁለት ሳምንት ለማን ትሰጪያለሽ?» አልኳት። ሲላበስ ሳምንቱ የተቆጠረ ነው። «ቦታ ይገባዋል» ሹመት መስጠት አይደለም፤ የሚተካውን ካልጠራሽ ተቃዋሚው ወገን በአንድ ጥያቄ ይጥልሻል።

«አጎቴ፣ አንተ ግን ከማን ወገን ነህ?»

እኔማ ካነበበው ወገን ነኝ። ክርክሩ ነገ ጠዋት ነው። መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ ዛሬ ማታ ያልቃል አልኳት። ፊልም የለውም ወይ? አለችኝ። ትቼው ሰላምታውን እንኳ አሳጥሪው አልኳት። «ክቡራትና ክቡራን»ን ሰረዘች።