«አንድ ለሁለት» የሚለውን የሩዝ ውሃ ልኬት ብንተወው ይሻላል

«አንድ ኩባያ ሩዝ ስሰራ አሪፍ ሆኖ ይወጣልኛል፣ ሰው ሲመጣ አራት ኩባያ ሳደርገው ግን ይላሽቅና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ውሃውን ሁሌም የሩዙን እጥፍ ነው የማደርገው፣ ምኑ ጋ ነው የምሳሳተው?»

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እህቴ፣ የልኬቱ ነው። «አንድ ሩዝ ለሁለት ውሃ» የሚለው ነገር በየሩዝ ማሸጊያው ላይ ስለተጻፈ ሁሉም እንደ ህግ ይዞታል፣ እኔ ግን ብዙ ድስት ሩዝ ያበላሸው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ድስት ውስጥ የገባው ውሃ ሁለት ቦታ ነው የሚሄደው። አንዱን ሩዙ ይጠጣዋል፣ ሌላው በእንፋሎት ይወጣል። ሩዙ የሚጠጣው ከራሱ ልክ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ አንድ ኩባያ ነጭ ሩዝ አንድ ኩባያ ገደማ ውሃ ይበቃዋል። በእንፋሎት የሚወጣው ግን ከሩዙ ብዛት ጋር ብዙም አይገናኝም፣ እሱን የሚወስነው የድስቱ ስፋት፣ የክዳኑ መግጠምና እሳት ላይ የሚቆይበት ሰዓት ነው፣ አራት ኩባያም ሆነ አንድ ኩባያ ደግሞ የሚበስልበት ሰዓት ያው ነው። ክዳኑ ደህና ከገጠመ ግማሽ ኩባያ ገደማ ነው የሚወጣው። እንግዲህ አስቢው፣ ለአንድ ኩባያ ሩዝ የሚያስፈልገው አንድ ተኩል ነው፣ ሁለት ስታደርጊ የተረፈው ግማሽ ኩባያ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይለሰልስና ያልፋል። ለአራት ኩባያ የሚያስፈልገው ግን አራት ተኩል ሆኖ ሳለ ስምንት ከጨመርሽ ሶስት ኩባያ ተኩል ትርፍ ውሃ አለ ማለት ነው፣ ያ ሁሉ ውሃ መሄጃ ስለሌለው ሩዙ መጠጣቱን ይቀጥላል፣ ፍሬው ይፈነዳና ውስጡ ያለው ስታርች ውሃው ውስጥ ይወጣል፣ የሚያጣብቀውም እሱ ነው።

ስለዚ አራቱን ኩባያ እንደዚ ስሪው። ባስማቲ ወይም ሌላ ረጅም ፍሬ ያለው ነጭ ሩዝ ይሁን፣ ሶስት አራት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ ውሃው ነጭ የሚሆነው ፍሬው ላይ በቀረው ዱቄት ነው፣ ካልታጠበ ሲፈላ እንደ ሙጫ ይሆናል። ውሃው ሙሉ በሙሉ ጥርት እስኪል መጠበቅ የለብሽም፣ ነጭነቱ ከቀነሰ ይበቃል። ከዛ ወንፊት ላይ አስር ደቂቃ አጥልይው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ሩዙ ላይ የቀረው ውሃ ሳትለኪው ድስት ውስጥ ይገባል። ሁለት ማንኪያ ዘይት አሙቀሽ ፍሬው እስኪያብረቀርቅ ሁለት ደቂቃ ያህል አገላብጪው፣ የፈላ ውሃ አራት ኩባያ ተኩልና ጨው ጨምሪበት፣ በሩዙና በውሃው መለኪያው አንድ አይነት ኩባያ መሆን አለበት። መፍላት ሲጀምር አንዴ አማስይው፣ ክደኚው፣ እሳቱን እስከመጨረሻው ቀንሺው፣ 15 ደቂቃ።

በዚ መሀል አይከፈት፣ አይማሰልም። ሲከፈት ከቆጠርነው በላይ እንፋሎት ይወጣል፣ ሲማሰል ደግሞ የለሰለሰው ፍሬ ይሰበርና ስታርቹን ይለቃል።

15 ደቂቃው ሲያልቅ እሳቱን አጥፊና ሳትከፍቺ ሌላ 10 ደቂቃ ተይው፣ ለኔ ከሁሉም ስራ ትልቁ ይሄ ነው። እሳቱ እንደጠፋ ከስር ያለው ሩዝ ርጥብ ከላይ ያለው ደግሞ ደረቅ ያለ ነው፣ እርጥበቱ እኩል የሚዳረሰው በዚ ሰዓት ነው፣ ፍሬውም ትንሽ ጠንከር ስለሚል ስትበትኚው አይሰበርም። ከክዳኑ ስር ንጹህ ፎጣ ብታደርጊ ጠብታው ተመልሶ ሩዙ ላይ አይወርድም (ፎጣው ወደ እሳቱ እንዳይንጠለጠል)። ከዛ በማማሰያ ሳይሆን በሹካ፣ ከዳር ጀምረሽ ወደ ላይ እያነሳሽ በትኚው።

ስትከፍቺው ላዩ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉና ድስቱን ዘንበል ስታደርጊው ውሃ ካልታየ ልክ ነው። ፍሬው መሀሉ ላይ ከጠነከረ ሁለት ሶስት ማንኪያ የፈላ ውሃ ርጭ አድርገሽ ክደኚውና በትንሽ እሳት አምስት ደቂቃ ጨምሪለት። ረጠብ ካለ ደግሞ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርገሽ ዘርጊው፣ እንፋሎቱ ሲወጣለት ይስተካከላል። ፍሬው ከፈነዳ ግን ምንም አይመልሰውም።

ልኬቱ ለሁሉም ሩዝ አይሰራም ግን። ቡናማ ሩዝ የፍሬው ቡናማ ሽፋን ስላልተፈተገ ብዙ ውሃና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ ከመፈተጉ በፊት በእንፋሎት የተቀቀለው ቢጫ ያለ ሩዝም ትንሽ ውሃ ይጨመርለታል፣ እሱ በቀላሉ አይጣበቅም። አጭርና ድቡልቡል ፍሬ ያለው ደግሞ የሚያጣብቀው አሚሎፔክቲን የሚባለው የስታርች አይነት ይበዛበታል፣ እሱን የፈለገ ብታጥቢው ፍሬ በፍሬ አይሆንልሽም።